አንድ ቤት፣ አራት አድራሻ፦ «ወረዳ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

አክስቴ ቤት፣ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ አንድ የቆየ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ውስጡ ብስኩት ኖሮ አያውቅም፤ የቤቱ ወረቀቶች ማስቀመጫ ነው። ባለፈው ክረምት አክስቴ አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ሄደው «በሰነዶቹ ላይ ያለው አድራሻ አይመሳሰልም፤ የአንድ ቤት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጡ» ተብለው ተመለሱ። «አንተ መሐንዲስ አይደለህ፣ እስኪ ፍታው» ብለው ቆርቆሮውን ከነአቧራው አስታቀፉኝ።

ወረቀቶቹን በዓመት ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። የአንዱ ቤት አድራሻ እንዲህ ሲቀያየር ኖሯል (ቁጥሮቹን ቀይሬያቸዋለሁ፣ የክፍለ ከተማውንም ስም ትቼዋለሁ፤ አጻጻፉ ግን እንዳለ ነው)፦

ከፍተኛ 14፣ ቀበሌ 09፣ የቤት ቁጥር 412
ወረዳ 14፣ ቀበሌ 09፣ የቤት ቁጥር 412
… ክ/ከተማ፣ ቀበሌ 08/09፣ የቤት ቁጥር 412
… ክ/ከተማ፣ ወረዳ 05፣ የቤት ቁጥር አዲስ

የመጨረሻው መስመር ላይ «የቤት ቁጥር አዲስ» የሚለውን ልብ በሉልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቁጥር ላልወጣለት፣ ወይም ቁጥሩ ለማይታወቅ ቤት «አዲስ» ተብሎ ይጻፋል። የአክስቴ ቤት ከእኔ በእጥፍ ይበልጣል፤ በወረቀት ላይ ግን አዲስ ሆኗል። ይህን ሳሳያቸው አክስቴ ሳቁና «ልጄ፣ ቤቱ እኮ አልተነቃነቀም። የሚነቃነቁት እነሱ ናቸው» አሉኝ።

በዚህ ጽሑፍ የምተቸው ይህንን መነቃነቅ ነው። ከተማ ሲያድግ አስተዳደሩም መለወጡ አይቀርም፤ እሱ ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ አንድን የእርከን ስም ወስዶ ለሌላ እርከን ከመስጠት ልማድ ጋር ነው።

ስሞቹ እንዴት እዚህ ደረሱ?

ታሪኩን በአጭሩ እንየው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። ብዙዎቻችን አዋጁን የምናውቀው ቤት በመውረሱ ነው። ነገር ግን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን በእርከን ያዋቀረውም እሱ ነው። ከታች ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ «ከፍተኛ»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማዕከላዊው ማኅበር ሆነ። «ከፍተኛ» የሚለው ቃል በመነሻው ቅጽል እንደሆነ አስተውሉ፤ ሙሉው ስም «ከፍተኛ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ነበር። ሰው ሲያሳጥረው ቅጽሉ ብቻውን ቀረና ስም ሆነ። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛና በ284 ቀበሌዎች ተከፈለች።

ደርግ ከወደቀ በኋላ «ከፍተኛ» የሚለው መጠሪያ ቀረና «ወረዳ» ተተካ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ጊዜ ከተማዋ 6 ዞን፣ 28 ወረዳ፣ የገጠሮቹን ጨምሮ ደግሞ 328 ቀበሌ ነበራት። በ1995 ዞኑም ወረዳውም ቀሩና 10 ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፦ አራዳ፣ ቂርቆስ፣ ልደታ፣ የካ፣ ቦሌ፣ ጉለሌ፣ አዲስ ከተማ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አቃቂ ቃሊቲ። ከሥራቸው መጀመሪያ 203 ቀበሌዎች ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆይ እየተዋሃዱ 99 ሆኑ። በአክስቴ ሦስተኛ መስመር ላይ ያለው «08/09» የዚያ ውህደት ጠባሳ ነው። ሁለት ቀበሌዎች ሲጋቡ አዲስ ቁጥር አልተሰጣቸውም፤ በእዝባር ተጣብቀው ቀሩ። ሦስት ቁጥር ያጣበቁም ነበሩ።

በ2003 ደግሞ ቀበሌዎቹ «ወረዳ» ተባሉ፤ ቁጥራቸውም 116 ሆነ። በ2013 ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ አስራ አንደኛው ክፍለ ከተማ፣ ለሚ ኩራ፣ ተጨመረ።

እንግዲህ ነገሩን አያችሁት? «ወረዳ» በ1987 ከቀበሌ በላይ ያለ እርከን ነበር። በ2003 የቀበሌው የራሱ ስም ሆነ። ቃሉ ስምንት ዓመት ጠፍቶ ሲመለስ አንድ ደረጃ ወርዶ ነው የተመለሰው።

ቃሉን በሕዝብ ብዛት እንለካው

አንድ ቃል ስንት ሰው እንደሚይዝ ማስላት ቀላል ነው። የከተማዋን ሕዝብ ለክፍሎቹ ቁጥር ማካፈል ብቻ ነው። የሚገኘው አማካይ ስለሆነ አንዱ ቀበሌ ከሌላው መብለጡ አይቀርም፤ መጠኑን ለመገመት ግን ይበቃናል።

በ1976ቱ ቆጠራ አዲስ አበባ ወደ 1.4 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። ለ284 ስናካፍለው አንድ ቀበሌ 5,000 ሰው ገደማ ይደርሰዋል። በ1987 ሕዝቡ 2.11 ሚሊዮን፣ ቀበሌው 328 ስለነበር አማካዩ ወደ 6,400 ከፍ አለ። በ1999ኙ ቆጠራ ግን 2.74 ሚሊዮን ሕዝብ ለ99 ቀበሌ ሲካፈል 27,700 ገደማ ይመጣል። ቃሉ ያው «ቀበሌ» ነው፤ የሚሸከመው ሰው ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኗል። የ1976ቱ ቀበሌ ሊቀመንበር አብዛኛውን ነዋሪ በመልክ ሊያውቅ ይችል ነበር። በ1999 አንድ ቀበሌ የአንድ ደህና የክልል ከተማ ሕዝብ ነበረው።

አሁን «ወረዳ»ን እንለካ። በ1987 2.11 ሚሊዮን ለ28 ሲካፈል 75,000 ገደማ ነው። የ2003ቱን 116 ወረዳ በ1999ኙ ሕዝብ ብንለካው ደግሞ 23,600 ገደማ እናገኛለን። «ወረዳ» ወደ ሲሶው ዝቅ አለ ማለት ነው። አንዱ ቃል ሲያብጥ ሌላው ከሳ፤ በመጨረሻም የከሳው ስም ያበጠው ላይ ተለጠፈ።

ከአዲስ አበባ ስትወጡ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቃችኋል። በሌላው የአገሪቱ ክፍል «ወረዳ» ብዙውን ጊዜ መቶ ሺህ አካባቢ ሕዝብ ያለው፣ የራሱ ምክር ቤት ያለውና በሥሩ ብዙ ቀበሌዎችን የያዘ እርከን ነው። ሐዋሳ ክፍለ ከተማ አላት፤ ከሥሩ ያለው ግን ቀበሌ ነው። እንዲያውም ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዱ «አዲስ ከተማ» ይባላል፤ አዲስ አበባም ያው ስም ያለው ክፍለ ከተማ አላት። ትግራይ ውስጥ ለቀበሌው እርከን «ጣቢያ» ይባላል፣ በኦሮምኛ «ገንዳ» ነው። አማራ ክልል ገጠር ውስጥ ከቀበሌ በታች «ጎጥ» አለ። ይሄ የስም ልዩነት እኔን አያስጨንቀኝም። «ጣቢያ» እና «ገንዳ» የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ የሚያነበው ሰው ሁለት ነገር መሆናቸውን ያውቃል፤ ካላወቀም ይጠይቃል። አደገኛው አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሆን ነው። ያኔ ማንም አይጠይቅም፣ ሁሉም የገባው ይመስለዋልና።

ስህተቱ ዝም ብሎ ያልፋል

የምሠራው ከውኃ ስርጭት መስመሮች ጋር የተያያዘ ጥናት ነው። አንድ ጊዜ የቆየ የሕዝብ ብዛት ሰንጠረዥና አንድ አዲስ የአድራሻ ዝርዝር ማገናኘት ነበረብኝ። ሁለቱም «ወረዳ» የሚል ዓምድ አላቸው። «በጣም ጥሩ፣ በእሱ አገናኛቸዋለሁ» አልኩ። ኮምፒውተሩም አንድም ስህተት ሳያሳይ አገናኘልኝ። ችግሩ እሱ ነው፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

የሆነውን በምሳሌ ላሳያችሁ። በድሮው አሠራር ወረዳዎቹ በመላ ከተማዋ አንድ ተከታታይ ቁጥር ነበራቸው፤ ስለዚህ «ወረዳ 5» በአዲስ አበባ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ባሁኑ አሠራር ቁጥሩ በየክፍለ ከተማው ከ01 ይጀምራል። ስለዚህ ቦሌም «ወረዳ 05» አለው፣ ጉለሌም አለው፣ ሌሎቹም እንዲሁ። ሁለቱን ሰንጠረዦች በ«ወረዳ 5» ካገናኘን የድሮው አንዱ ወረዳ ከየክፍለ ከተማው «ወረዳ 05» ጋር ይጣመራል። ወረዳ 5 ላይ 75,000 ሰው ተጽፎ ከነበረ፣ ያው 75,000 ሰው በአስር ክፍለ ከተሞች ብቻ አስር ጊዜ ይባዛና 750,000 ይሆናል። ከአየር የመጣ ሕዝብ ነው።

እንዲህ ያለው ስህተት የሚታወቀው ድምርን በማየት ነው። እኔም የነቃሁት የጠቅላላው ድምር ከከተማዋ ሕዝብ ብዙ እጥፍ ሆኖ ሲመጣ ነው። ሁለት ዝርዝር ካገናኛችሁ በኋላ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ቁጠሩ፦ ረድፎቹ ከነበሩበት በዝተዋል ወይ? ድምሩ ከሚታወቀው ጠቅላላ ጋር ይስማማል ወይ? ከሁለቱ አንዱ ካፈነገጠ፣ ያገናኛችሁበት ዓምድ የሚመስላችሁን ነገር አይደለም ማለት ነው።

እዝባሯም የራሷ ተንኮል አላት። «03/05» የሚል ቀበሌ በኤክሴል ስትጽፉ ፕሮግራሙ ቀን መስሎት ይለውጠዋል፤ ቀበሌያችሁ ወር ከነቀኑ ሆኖ ቁጭ ይላል። «01»ም ከፊቱ ያለችው ዜሮ ትጠፋና «1» ይሆናል። መፍትሔው ዓምዱን ከመሙላታችሁ በፊት «ጽሑፍ» ነው ብላችሁ መወሰን ነው። ከተሞላ በኋላ የተለወጠውን መመለስ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ፕሮግራሙ የያዘው ቀኑን እንጂ መጀመሪያ የጻፋችሁትን አይደለም።

አድራሻው ዕድሜውን ይናገራል

ከዚህ ሁሉ ግራ መጋባት አንድ ጥቅም አገኘሁ። አጻጻፉ ራሱ ሰነዱ ከመቼ በፊት ሊጻፍ እንደማይችል ይነግረናል። ቀን የሌለው ወረቀት ካጋጠማችሁ ሞክሩት።

«ከፍተኛ» የሚል ካለበት፣ አወቃቀሩ የደርግ ዘመን ነው። ክፍለ ከተማ ሳይጠቀስ «ወረዳ» እና «ቀበሌ» አብረው ካሉ፣ ከደርግ በኋላና ከ1995 በፊት ያለው ነው። «ክፍለ ከተማ» እና «ቀበሌ» ካሉ፣ ከ1995 እስከ 2003 ያለው ነው፤ እዝባር ካለበት ደግሞ ከውህደቱ ወዲህ። «ክፍለ ከተማ» እና «ወረዳ» ኖረው ቀበሌ ከሌለ፣ ከ2003 ወዲህ ነው። «ለሚ ኩራ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ከ2013 በፊት ሊሆን አይችልም።

ግን ተጠንቀቁ፤ ይህ ዘዴ የሚሠራው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ገና ያልተፈጠረ ስም ማንም ሊጽፍ አይችልም፤ የተሻረ ስም ግን ሰው ለዓመታት መጻፉን ይቀጥላል። የድሮ ቅጽ ያላለቀበት፣ የድሮ ማኅተም ያልቀየረ፣ ወይም በቃ እጁ የለመደ ሰው ሞልቷል። ስለዚህ አጻጻፉ «ከዚህ ዓመት በፊት አይደለም» ሊላችሁ ይችላል፤ «ከዚህ ዓመት በኋላ አይደለም» ሊላችሁ ግን አይችልም።

የአክስቴን ጉዳይ የፈታውም ይሄ ነው። በአራቱ አጻጻፎች መካከል ድልድይ የሚሆን ወረቀት ፈለግን። ሦስቱን መስመሮች 412 ያያይዛቸዋል። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ሲኬድ ግን የሚያያይዝ አንድም ነገር የለም፤ ቀበሌውም ቁጥሩም አንድ ላይ ተለውጠዋል። በመጨረሻ ያዳነን በዚያ ሽግግር ወቅት የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ «ወረዳ 05 (የቀድሞው ቀበሌ 08/09፣ የቤት ቁጥር 412)» ብሎ በቅንፍ ጨምሮበታል። የአክስቴ ቤት ያለፈውን የቤቱን ታሪክ ያገኘው በአንድ ቅንፍ ነው።

ለለውጡ መከራከሪያ አለ?

ፍትሐዊ ለመሆን፣ አለ። «ቀበሌ» የሚለው ቃል በደርግ ዘመን የአብዮት ጥበቃውንም እስር ቤቱንም ተሸክሟል፤ ብዙ ቤተሰብ ቃሉን ሲሰማ የሚያስታውሰው ወረፋ ብቻ አይደለም። ከስሌታችን እንዳየነውም ክፍሉ በጣም አድጓል። ወደ ሃያ ስምንት ሺህ ሰው የሚያስተዳድርን ጽሕፈት ቤት አምስት ሺህ ሰው በነበረው ስም መጥራት የሥራውን ክብደት ያሳንሰዋል ቢባል ይገባኛል። አዲስ ስም ያስፈልግ ነበር እንበል። ያስፈለገው ግን አዲስ ስም ነው፤ የተሰጠው ያገለገለ ስም ነው።

ልብሱ የሌላ ሰው መሆኑን ሕዝቡም ያወቀ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ቀበሌ ከቀረ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ግን ዛሬም «የቀበሌ ቤት»፣ «የቀበሌ መታወቂያ» እንላለን። «የቀበሌ ቤት» እንዲያውም ከአዋጅ 47 የመጣ ነው፤ ከተወረሱት ቤቶች ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆነውን የሚሰበስበው ቀበሌ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ስሙን ቢቀይርም ቤቱ አልቀየረም። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይባል የለ? እዚህ ስም የወጣው ከበላይ ነው፤ ጎረቤትም አልተከተለም።

ከወረዳ በታች ስትወርዱም ያው ልማድ ይቀጥላል። «ቀጠና» በዜና ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ቀጠና ነው፤ በሰፈራችን ደግሞ ጥቂት መንገዶች ናቸው። «ብሎክ» ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ አንድ ሕንፃ ነው፤ በወረዳው አደረጃጀት ደግሞ የቤቶች ስብስብ ነው። «ብሎክ 12 ተሰብሰቡ» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሁለት ዓይነት ሰው ሊመጣ ይችላል። ከዚህ ሁሉ መሃል ሳይነቃነቅ የኖረው ማንም በአዋጅ ያላቋቋመው «ሰፈር» ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ካዛንቺስ፤ ድንበራቸውን በሜትር የሚነግራችሁ የለም፣ ታክሲ ግን ያደርሳችኋል።

እኔ ብሆን

እንደ ምህንድስና ተማሪ ካየሁት፣ ስምና መለያ ቁልፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስም ለሰው ነው፤ ሊያምር፣ ሊለወጥ፣ ሊከበር ይችላል። መለያ ቁልፍ ለመዝገብ ነው፤ ዋናው ግዴታው ለአንድ ነገር ከተሰጠ በኋላ ለሌላ አለመሰጠቱ ነው። ዓለም አቀፍ የካርታ መረጃዎች ላይ የአዲስ አበባ መለያ ET14 ነው። «14» ከተማዋ በሽግግሩ ዘመን «ክልል 14» ከተባለችበት ጊዜ የቀረ ነው። ያ ስም ከቀረ ቆየ፤ ቁጥሩ ግን ለሌላ አልተሰጠምና ዛሬም ያገለግላል። እንዲህ ያለ ቁጥር ለእያንዳንዱ ወረዳ ቢሰጥ፣ ወረዳው ሲሻርም ቁጥሩ አብሮ ቢሻር፣ የፈለጉትን ስም መለጠፍ ይቻላል።

ሁለተኛው ቀላል ነገር የሽግግር ሰንጠረዥ ነው። ድሮ ይህ ነበር፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ይህ ሆነ የሚል፣ ለሕዝብ የተለጠፈ ዝርዝር። እዚህ ላይ ግን አንድ ገደብ አለ። ሁለት ቀበሌ ሲዋሃድ ሰንጠረዡ ቀላል ነው፤ 08ም 09ም ወደ 08/09 ይሄዳሉ፣ አለቀ። አንዱ ለሁለት ሲከፈል ግን «ቀበሌ 10 የት ገባ?» ለሚለው አንድ መልስ የለም፤ ቤት ለቤት መጻፍ ያስፈልጋል። ሥራው የሚበዛው እዚያ ነው። ደግሞም ሠርቶ ለመጨረስ የሚመቸው አሮጌው መዝገብና አዲሱ መዝገብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ባሉበት፣ በሽግግሩ ሳምንታት ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ሥራው የአክስቴና የብስኩት ቆርቆሮው ይሆናል።

ቆርቆሮውን ስመልስ አክስቴ በየወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ «የቀድሞው» እያልኩ እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። «ነገ ደግሞ ምን እንደሚሉት አናውቅም» አሉ። አራቱንም ጻፍኩ። ለአምስተኛው የሚሆን ቦታም ተውኩ።